ከዲግሪ እስከ ፒ.ኢንጅ.፦ በአልበርታ የተጓዝኩበት መንገድ

ካናዳ ውስጥ የምህንድስና ዲግሪ መያዝ ኢንጂነር አያሰኝም። እኛ አገር ተማሪው ገና ከመመረቁ ጎረቤቱ «ኢንጂነር እገሌ» ማለት ይጀምራል። እዚህ ግን ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው። ፒ.ኢንጅ. የሚባለው የመሐንዲስነት ፈቃድ ሳይኖራችሁ ቢዝነስ ካርዳችሁ ላይ ወይም ሊንክድኢን ላይ «ሲቪል ኢንጂነር» ብላችሁ ብትጽፉ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሊልክላችሁ ይችላል። ስለዚህ ገና እንደመጣችሁ ገጻችሁን «በሲቪል ምህንድስና የተመረቀ» በሚል ቀይሩት።

ተቆጣጣሪው በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ኦንታሪዮ የራሷ አላት፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያም እንዲሁ። እኔ ያለፍኩት በአልበርታው በአፔጋ በኩል ነው። ካልጋሪና ኤድመንተን ውስጥ ብዙ አበሻ መሐንዲስ ስላለ ይህን የምጽፈው በተለይ ለእነሱ ነው። በሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች ዝርዝሩ ቢለያይም ዋናዎቹ ነገሮች አንድ ናቸው። የዲግሪው ደረጃ ይመዘናል፣ በአራት ዓመት የሥራ ልምድ ብቃት ይታያል፣ የሕግና የሥነ ምግባር ፈተና ይታለፋል። መልካም ጠባይና በቂ እንግሊዝኛም ይጠየቃል፣ እነሱ ግን ብዙ ሰው አያስቸግሩም።

መጀመሪያ የሚያደክመው ወረቀቱ ነው። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ መላክ አለበት፣ በእጃችሁ ያለው ኮፒ አይበቃም። ኮስት ሼሪንግ ያልዘጋ ሰው ደግሞ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይላክለትም። ስለዚህ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለ ወንድም ወይም ጓደኛ በውክልና ይሄን ቀድሞ ይጨርስላችሁ። ስማችሁ ዲግሪው ላይና ፓስፖርቱ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት መጻፉንም እዩ። «ወልደ» አንዱ ላይ ተለያይቶ ሌላው ላይ ተቀጥሎ ከተጻፈ የሁለት ሰው ስም ይመስላቸዋል። ማስረጃ አምጡ ከመባላችሁ በፊት ራሳችሁ የማረጋገጫ ቃለ መሐላ አያይዙ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ያለውን ቀንም እዩልኝ። አገር ቤት «ከመስከረም 2004 እስከ ሰኔ 2007» ብሎ በእኛ አቆጣጠር የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ብዙ ነው። እንግሊዝኛው ደብዳቤ ላይ ያው ቁጥር ሳይቀየር ከተቀመጠ፣ ገምጋሚው ዲግሪ ሳይኖራችሁ እንደሠራችሁ አድርጎ ያነበዋል። መስከረም 2004 በፈረንጅ 2011 ነው፣ ሰኔ 2007 ደግሞ 2015። ደብዳቤው በፈረንጅ አቆጣጠር እንዲጻፍ ጠይቁ።

ቀጥሎ የዲግሪው ምዘና ይመጣል። ኢትዮጵያ የምህንድስና ትምህርት ዕውቅናን የሚያቻችለው የዋሽንግተን ስምምነት አባል አይደለችም። ስለዚህ ዲግሪያችን በቀጥታ አይያዝም፣ እውቀታችሁን በፈተና አረጋግጡ ይባላል። አፔጋ ለእኔ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ፦ ወይ የተመደቡልኝን የማረጋገጫ ፈተናዎች መውሰድ፣ ወይ የአሜሪካኖቹን ኤፍ ኢ የተባለውን መሠረታዊ ፈተና ማለፍ። እኔ ኤፍ ኢን መረጥኩ። አንድ ፈተና ነው፣ ዓመቱን ሙሉ በኮምፒውተር ይሰጣል፣ ነገ ሐሳብ ቀይራችሁ ዲሲ ወይም ቴክሳስ ብትሄዱም እዚያ ለፈቃድ የመጀመሪያው ደረጃ እሱ ነው።

ፈተናው 110 ጥያቄ አለው። ቀጠሮው ስድስት ሰዓት ሲሆን ለጥያቄዎቹ የሚሰጠው 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ፎርሙላ መሸምደድ አያስፈልግም፣ የማጣቀሻ መጽሐፉ ስክሪኑ ላይ አለ፣ ፍለጋም አለው። ከባዱ ነገር የቱ ፎርሙላ የት ገጽ ላይ እንዳለ ማወቅ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ከአዘጋጁ ድረ ገጽ በነፃ አውርዱና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእሱ ብቻ ተለማመዱ። ሁለተኛው ነገር መለኪያ ነው። እኛ የተማርነው በኒውተንና በሜትር ነው፣ እነሱ ግን ጥያቄውን በፓውንድ፣ በኪፕና በኢንችም ያመጡታል። ካልኩሌተርም የተፈቀደው የተወሰነ ሞዴል ብቻ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ገዝታችሁ እጃችሁን አስለምዱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙ ሰው የሚፈራው ፈተናዎቹን ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ ግን ማመልከቻ የሚያዘገየው የሥራ ልምዱ ነው። አራት ዓመት ሲባል ሰው ወራቱን ይቆጥራል። 48 ወር ሞላ፣ ይሰጠኛል ይላል። ገምጋሚዎቹ ግን ከወሩ ይልቅ በእነዚያ ወራት ውስጥ እናንተ ራሳችሁ የወሰናችሁትን የምህንድስና ውሳኔ ነው የሚያዩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አፔጋ 22 ብቃቶችን ዘርዝሮ ያስቀምጣል። ኮድና ስታንዳርድ መጠቀም፣ አደጋን አስቀድሞ መለየት፣ የዲዛይን አማራጮችን ማመዛዘን፣ በጽሑፍ መግባባት፣ በጀትና ጊዜን መያዝ፣ ሥነ ምግባር፣ እና የመሳሰሉት ናቸው። ለእያንዳንዱ ከሥራችሁ አንድ እውነተኛ ምሳሌ በሦስት ክፍል ትጽፋላችሁ፦ ሁኔታው ምን ነበር፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ ውጤቱ ምን ሆነ። ራሳችሁን ከ0 እስከ 5 ነጥብ ትሰጣላችሁ። ከዚያ ሥራውን በዓይኑ ያየ መሐንዲስ፣ አብዛኛውን ጊዜ አለቃችሁ፣ ያንኑ ጽሑፍ አንብቦ የራሱን ነጥብና አስተያየት ይሰጣል። መጨረሻ ላይ የአፔጋ ገምጋሚዎች ሁሉንም አይተው ይወስናሉ።

እኛን እዚህ ላይ የሚጎዳን የሪፖርት አጻጻፋችን ነው። አገር ቤት ትልቅ ኮንሰልታንት ውስጥ የሠራ ሰው «ዲዛይኑ ተሠርቷል»፣ «ቡድናችን ፕሮጀክቱን በተሳካ ሁኔታ አጠናቋል» እያለ ነው የጻፈው። «እኔ ይሄን ወሰንኩ» ማለት ጉራ ይመስላል። እዚህ ግን «ተሠርቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነጥብ የለውም። ማን ሠራው? አንተ ነህ ወይስ ዴስክህ አጠገብ የተቀመጠው ሰው?

ከራሴ አንዱን ላሳያችሁ። ብቃቱ አደጋን መለየትና መፍትሔ ማበጀት ነው። መጀመሪያ ላይ ወደ አእምሮዬ የመጣው እንዲህ ነበር፦ «ለአንዲት የፓምፕ ቤት የመሠረት ዲዛይን ላይ ተሳትፌአለሁ። የአፈር ምርመራ ሪፖርቱ ከግምት ገብቷል። ፕሮጀክቱ በሰላም ተጠናቋል።» ይሄ ለማንኛውም ሰው፣ ለየትኛውም ሥራ ይሆናል።

እውነተኛው ታሪክ ይሄ ነው። ቤቷ ማሞቂያ የላትም። አልበርታ ውስጥ ደግሞ ክረምት ላይ አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል፣ አፈሩ ያብጣል፣ ከላይ ያለውን መሠረት ያነሳዋል። ካልጋሪ ውስጥ የሚሞቅ ቤት መሠረት አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 1.2 ሜትር ይወርዳል፣ ለማይሞቅ ደግሞ ከዚያ ይጠልቃል። በእኛ ሥራ የአፈር ሪፖርቱ 1.8 ሜትር ይል ነበር። ችግሩ እዚያው ቦታ 1.4 ሜትር ላይ በሥራ ላይ ያለ የፍሳሽ ቱቦ አለ።

ሁኔታውን በዚህ ልክ ጻፍኩት። «እኔ ምን አደረግሁ» የሚለው ላይ ሦስቱን አማራጮች አስቀመጥኩ። ቱቦውን ማዞር፣ በፓይል መሥራት፣ ወይም መሠረቱን ከቱቦው በላይ አስቀምጦ ከሥሩና ከዙሪያው ጠንካራ የኢንሱሌሽን ሰሌዳ ማንጠፍ። ሦስተኛውን ለምን እንደመረጥኩ ጻፍኩ። ሰሌዳው 100 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረውና ከመሠረቱ ጠርዝ 1.2 ሜትር ወደ ውጭ እንዲዘረጋ ያደረግኩት በየትኛው ስሌት እንደሆነ ጻፍኩ። የሰሌዳው የመጨመቅ አቅም የመሠረቱን ጫና መቻሉን እንዳረጋገጥኩ፣ የአፈር መሐንዲሱን አነጋግሬ በጽሑፍ እንዳስማማሁ፣ አለቃዬ ስሌቱን ፈትሾ ማህተም እንዳደረገበት ጨመርኩ። ውጤቱ ላይ ደግሞ ቱቦው እንዳልተነካ፣ በሚቀጥለው ፀደይ ሄደን የወለሉን ከፍታ ስንለካ እንዳልተነሳ ጻፍኩ።

ሁለቱ ጽሑፎች ስለ አንድ ሥራ ናቸው። ሁለተኛው ላይ ግን ገምጋሚው አደጋውን ማን እንዳየው፣ ማን እንዳሰላው፣ ማን ተጠያቂ ሆኖ እንደፈረመ ለይቶ ያያል። አለቃዬ ማህተሙን ማድረጉ የእኔን ነጥብ አይቀንስም። በቁጥጥር ሥር መሥራት ማለት ይኸው ነው። እናንተ ታስባላችሁ፣ ፈቃድ ያለው ሰው ይፈትሻል፣ ኃላፊነቱን እሱ ይሸከማል።

ይሄን ዓይነት ዝርዝር ከአራት ዓመት በኋላ ማስታወስ አይቻልም። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ጻፉ። ምን ችግር ገጠመ፣ ምን አማራጭ ነበር፣ ምን መረጥኩ፣ ማን አየው። የደንበኛ ምስጢር የሆነ ሥዕል ወይም ስሌት ቤት አትውሰዱ፣ ማስታወሻችሁ ብቻ ይበቃል። ሥራ ስትቀይሩ አለቃችሁ ኩባንያውን ለቆ ኢሜይሉ ከመዘጋቱ በፊት የግል አድራሻውን ያዙ።

ሥራ ስትመርጡም ይሄን አስቡ። የደመወዙ ልዩነት ትንሽ ከሆነ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ አጠገብ የምትቀመጡበትን ውሰዱ። ሳይት ላይ ብቻ የሚያሯሩጥ፣ የዲዛይን ሥዕል ብቻ የሚያሠራ ሥራ ላይ ዓመታት ቢያልፉም የሚጻፍ ውሳኔ አይገኝም። በዚያ ያላችሁ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡና አለቃችሁን በግልጽ ጠይቁት። «ለፈቃድ እየተዘጋጀሁ ነው፣ ይቺን ትንሿን ስሌት እኔ ልሥራትና አንተ ፈትሽልኝ» ስትሉት እምቢ የሚል ብዙ አይደለም። እዚህ አብዛኛው አለቃ ራሱ በዚሁ መንገድ ነው ያለፈው።

የኢትዮጵያ ልምድ ይቆጠራል ወይ ለሚለው፣ አዎ ይቆጠራል፣ የሚመሰክር መሐንዲስ እስካለ ድረስ። እኔ ባመለከትኩበት ጊዜ ከአራቱ ዓመት ቢያንስ አንዱ በካናዳ ወይም በተመሳሳይ አሠራር ውስጥ መሆን ነበረበት። አሁን ክፍለ ግዛቶቹ ይሄን መስፈርት እየቀየሩት ነው። ኦንታሪዮ በ2023 የካናዳ ልምድ ግዴታውን አንስታለች። ስለዚህ የምታመለክቱበትን ቦታ የወቅቱን ደንብ እዩ።

ምስክርነቱ ላይ አንድ ነገር ገጠመኝ። አዲስ አበባ አብረን የሠራን አለቃዬ የነጥብ ቅጹ ሲደርሳቸው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሁሉም ላይ አምስት ልሞላልህ ነው» አሉኝ። ደግነታቸው ነው። እኔ ግን «ጋሼ፣ እባክዎ እንዳያደርጉት። ያዩትን ብቻ ይስጡኝ፣ ከሁሉም በላይ አስተያየቱን ይጻፉልኝ» አልኳቸው። አምስት ማለት ብዙ ዓመት የሠራ፣ ሌሎችን የሚመራ ሰው ደረጃ ነው። ለመጀመሪያ ፈቃድ የሚያመለክት ሰው አብዛኛው ቦታ ላይ ሦስት አካባቢ ቢሆን ጤናማ ነው። ሁሉ ቦታ አምስት ሲሆን ገምጋሚው ምስክሩ ጽሑፉን አላነበበም ይላል። እሳቸው መጨረሻ ላይ ሦስትና አራት ሰጡኝ፣ አንድ ቦታ ላይ ሁለት። ከሁለቱ ሥር «ይህን ሥራ ሲሠራ ገና ጀማሪ ነበር፣ ስሌቱን ሁለት ጊዜ መልሼበታለሁ» ብለው ጻፉ። ከሁሉም ይበልጥ የጠቀመኝ ያ አስተያየት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የሌሎቹን ነጥቦች እውነትነት አሳየ።

የሕግና የሥነ ምግባር ፈተናው ኤን ፒ ፒ ኢ ይባላል። አፔጋ ያዘጋጀዋል፣ ሌሎች ብዙ ክፍለ ግዛቶችም ይጠቀሙበታል። 110 የምርጫ ጥያቄ በሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ለአንዱ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ አካባቢ ማለት ነው። የማለፊያው መስመር 65 ከመቶ ነው። ቤታችሁ ሆናችሁ በካሜራ እየታያችሁ ትወስዳላችሁ። ልምዱ እስኪሞላ መጠበቅ የለባችሁም፣ ማመልከቻችሁ ተቀባይነት አግኝቶ እንደተፈቀደላችሁ መውሰድ ይቻላል። እኔ ልምዱን እያጠራቀምኩ ነው የወሰድኩት፣ እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ስሙ የሥነ ምግባር ፈተና ቢሆንም ትልቁ ክፍል ሙያዊ አሠራርና ሕግ ነው። እኛን የሚከብደን ሕጉ ነው፣ ምክንያቱም የአብዛኛው ካናዳ ሕግ ከእንግሊዝ የመጣ ስለሆነ በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ላይ ይቆማል። የውሳኔውን ስም ከመሸምደድ ታሪኩን ያዙት። ለምሳሌ በጨረታ ላይ የሠራ ሰው የሮን ኢንጂነሪንግን ጉዳይ ቶሎ ይረዳዋል። ይህ ተቋራጭ ኦንታሪዮ ውስጥ 2,748,000 ዶላር ጨረታ አስገባ፣ የ150,000 ዶላር የጨረታ ማስከበሪያም አስያዘ። ፖስታዎቹ ከተከፈቱ በኋላ የራሱን የሠራተኛ ወጪ 750,058 ዶላር መደመር እንደረሳ ታወቀው። ገና ውል ሳይፈረም አሳወቀ፣ ማስከበሪያዬን መልሱልኝ አለ። በ1981 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማስከበሪያው አይመለስም ብሎ ወሰነ። ምክንያቱም ሰነዱን ባስገባ ጊዜ አንድ ውል ተፈጥሯል፣ የግንባታው ውል ደግሞ ሁለተኛው ነው። ይሄን ከያዛችሁ ስለ ጨረታ የሚመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ይቀላሉ።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄዎች ላይ አራቱም መልሶች ደህና ይመስላሉ። የሚለየው ቅደም ተከተሉ ነው። የሕዝብ ደህንነት ከደንበኛም፣ ከአሠሪም፣ ከራስ ጥቅምም ይቀድማል። ይህ ማለት ግን ስንጥቅ እንዳዩ ወደ ጋዜጣ መሮጥ አይደለም። መጀመሪያ ለአለቃና ለደንበኛ በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ። ካልሰሙና አደጋው እውን ከሆነ የሚመለከተውን ባለሥልጣን ታሳውቃላችሁ፣ ምስጢር ጠብቅ መባሉ አይከለክላችሁም። ፈተናው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ቀጥሎ ምን ታደርጋለህ» ብሎ ስለሆነ፣ ደረጃ የዘለለውንም ዝም ያለውንም መልስ ጣሉት።

ይሄ ወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ነገር እንዳይመስላችሁ የኤልየት ሌክን ታሪክ አንብቡ። ሰኔ 2012 ኦንታሪዮ ውስጥ የአንድ የገበያ ማዕከል ጣሪያ ተደርምሶ ሁለት ሴቶች ሞቱ። ጣሪያው የመኪና ማቆሚያ ነበር፣ ለዓመታት ውሃ ሲያፈስ ብረቱ በዝገት ተበልቷል። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ያወጣው ነገር ነው የሚያመው። ከመደርመሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሕንፃውን የመረመረ መሐንዲስ ሪፖርቱን ከፈረመ በኋላ በባለቤቱ ጥያቄ ለውጦታል። ውሃ አሁንም እንደሚያፈስ የሚገልጸው ቃልና ፎቶ ወጥቷል። አብሮት የፈረመው ባልደረባው እንኳ አልተነገረውም።

እኔም አገር ቤትም እዚህም «ይቺን ዓረፍተ ነገር አውጣልኝ» ሲባል ሰምቻለሁ። ደንበኛው ሁሌ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ባንክ ብድር እንዳይከለክለው ወይም ተከራይ እንዳይሸሽበት ይሆናል። አሁን መልሴ አንድ ነው። ያየሁት ስህተት ከሆነ አሳየኝ፣ አስተካክላለሁ። ትክክል ከሆነ ግን ይቆያል። የተፈረመ ሪፖርት የሚለወጠው አዲስ ቀንና ቁጥር ተሰጥቶት፣ ምን እንደተለወጠ ተጽፎበት፣ የፈረሙት ሁሉ አውቀው ነው።

ማመልከቻው ተሟልቶ ከገባ በኋላ ሦስት ዓይነት መልስ ሊመጣ ይችላል። ፈቃድ ይሰጣችኋል፣ ወይ የተወሰኑ ብቃቶች አልታዩም ይባላል፣ ወይ ተጨማሪ ልምድ ይጠየቃል። ሁለተኛው ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው፣ ውድቀት አይደለም። የጎደለው የትኛው እንደሆነ በደብዳቤው ላይ ይጻፋል። አንድ ጓደኛዬ የጎደለው የበጀትና የጊዜ ቁጥጥር ነበር። አለቃውን ጠይቆ የአንድ ትንሽ ሥራ የሰዓት በጀት ለስድስት ወር ያዘ፣ ያንኑ ጽፎ መልሶ አስገባና ፈቃዱ መጣለት። እናንተም ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት 22ቱን ዝርዝር ከአለቃችሁ ጋር በዓመት አንዴ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ባዶ የሆነውን ረድፍ አሳዩትና በሚቀጥለው ዓመት ለዚያ የሚሆን ሥራ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት።